ስለ ጉበትህ ወረቀት

ወንድሜ ሶሎሞን፣

እንደምን ከረምክ? ዝምታችን ረዘመ። ከሐረር የላክልኝን የምርመራ ውጤት ካየሁ በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። "ስብ ነው፣ ቀላል ነው አሉኝ" ብለሃል። ስብ መሆኑ እውነት ነው። ቀላል የሚሆነው ግን መጠጡን ካቆምክ ነው።

ወረቀትህ ላይ ኤኤስቲ 92፣ ኤኤልቲ 40 ይላል። የጉበት ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጡ ኢንዛይሞች ናቸው። ከውፍረትና ከስኳር በሚመጣ ስብ አብዛኛውን ጊዜ ኤኤልቲ ይበልጣል። ኤኤስቲ ከኤኤልቲ እጥፍ ሲያልፍ ግን እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የምንጠረጥረው መጠጥን ነው።

ጉበት አልኮል ለማቃጠል ሲጠመድ ስቡን ማቃጠል ትቶ ያከማቸዋል። አንተ ያለኸው እዚህ ደረጃ ላይ ይመስለኛል። የሚመለሰውም ይሄ ነው፤ መጠጡ ጨርሶ ከቆመ ስቡ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይለቃል።

የምፈራልህ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፤ ጉበቱ ሲቆጣ። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ከቀኝ ጎድን ሥር ያማል፣ ያተኩሳል። "የወፍ በሽታ ነው" ብለው ቅጠል እየጠጡ ቤት የሚቆዩ አሉ፤ ጊዜ የሚባክነው እዚያ ነው። ቀለል ያለው መጠጥ ሲቆም በሳምንታትና በወራት ይድናል። ከባዱ ግን ሆስፒታል ተኝተውም በወር ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ሲሮሲስ ደግሞ ጠባሳ ነው። ጉበቱ ይጠነክራል፣ ይጎረባብጣል። ያ ጠባሳ በአብዛኛው አይመለስም። ሆድ ውሃ እስኪቋጥር ወይም ደም እስኪያስመልስ ድረስ ለዓመታት ምንም ላያሳይ ይችላል። ያኔም ቢሆን ማቆም ዕድሜ ይጨምራል፤ የተቋጠረው ውሃ የሚቀንስላቸውም አሉ። ጉበት በጣም ሲጠበስ ደም የሚያረጋው ሴል፣ ፕላትሌት፣ ይቀንሳል፣ ጣፊያም ያብጣል፤ ያንተ ፕላትሌት ግን 230 ሺህ ነው፣ ደህና ነው፣ ጣፊያህም አላበጠም። ይሄ ደስ ብሎኛል። ግን አልትራሳውንድ የጀማሪ ጠባሳን ላያይ ስለሚችል ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም።

ጨብሲውን ነው መተው ያለብህ፣ ሶሌ። በርጫውንም ብትቀንስ እወዳለሁ፤ እዚያው ሐረር በተሠራ ጥናት ጫት ከሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ጋር ተያይዞ ታይቷል።

አንድ ነገር አደራ፦ በየቀኑ ስለምትጠጣ ብቻህን ሆነህ በአንዴ አትቁረጠው። መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፤ አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያንዘፈዝፈዋል፣ ያቃዠዋል። ለሐኪምህ በቀን ምን ያህል እንደምትጠጣ ሳትቀንስ ንገረው። ማስታገሻና ቫይታሚን ቢ1 ያዝልሃል። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ጠይቀው።

ከ6 ሳምንት በኋላ ኢንዛይሙ ይደገም። ከፈለግክ ድሬ ና፣ እኔው ደሙን እቀዳልሃለሁ። ማደሪያህ ከዚራ እኛ ቤት ነው።

ወንድምህ፣ ዳዊት