ከተጨማደደ ደረሰኝ ወደ ሰንጠረዥ፦ የኮምፒዩተር ክበብ የዓመቱ ሥራ

የኮምፒዩተር ክበባችን በዚህ ዓመት አንድ ሥራ ይዞ ቆይቷል። ሌሎች ክበባት ከደብረ ማርቆስ ሱቆች ዕቃ ሲገዙ የተቀበሏቸውን ደረሰኞች በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ፣ በብዛቱ፣ በአንዱ ዋጋና በጠቅላላ ዋጋው ለይቶ በኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ማስፈር ነው። ጥያቄው የመጣው ከትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል ነበር። በደረሰኙ ግርጌ ያለው ድምር ከዚህ ቀደምም ይመዘገባል፤ አንድ ደብተር በመስከረም በስንት ብር፣ በጥር ደግሞ በስንት ብር እንደተገዛ የሚያሳይ ዝርዝር ግን አልነበረም። ደረሰኞቹ ወደ ክበቡ የሚደርሱት ከኪስና ከቦርሳ ወጥተው፣ ታጥፈውና ተጨማደው በመሆኑ፣ አባላቱ ከሁሉ በላይ የደከሙት አንድ ቁጥር በእጥፋት ሲጠፋ ወይም በስሕተት ሲነበብ እንዴት እንደሚታወቅና እንዴት እንደሚመለስ በመማር ላይ ነው። ይህ ዘገባም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ስለ ወረቀቱ በቅድሚያ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያወጣው ደረሰኝ በቀለም የታተመ አይደለም፤ ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ስስ ሽፋን አለው፤ ጽሑፉም የሚወጣው በሙቀት ነው። ስለዚህ የተጨማደደን ደረሰኝ በካውያ ለመተኮስ ማሰብ ፈጽሞ አይገባም፤ ወረቀቱ በሙሉ ይጠቁርና የሚነበብ ነገር አይቀርም። አባላቱ ደረሰኙን በሁለት ንጹሕ ነጭ ወረቀቶች መካከል አድርገው፣ ከባድ መጻሕፍት ጭነውበት ያሳድሩታል። ፎቶ የሚያነሡት ደግሞ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከደረሰኙ በላይ ቀጥ አድርገው ይዘው ነው። የፍላሹ ብርሃን በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይጥላል፤ ያ ነጠብጣብም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቁጥር ላይ ነው።

በእጥፋት መስመር ላይ ያለ ቁጥር ሳይነበብ ሲቀር ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የእጥፋቱ ጥላ ነው፤ ሁለተኛው ሽፋኑ ራሱ ተፍቆ መነሣቱ ነው። ሁለቱን ለመለየት ደረሰኙን ሳያንቀሳቅሱ ሁለት ፎቶ ማንሣት ይበቃል፤ አንዱን ብርሃኑ ከግራ ሲመጣ፣ ሌላውን ከቀኝ ሲመጣ። ጥላ ከሆነ በሁለተኛው ፎቶ ቦታውን ይለውጣል፤ ቁጥሩም ይገለጣል። ተፍቆ ከሆነ ግን በሁለቱም ፎቶዎች እዚያው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ፎቶ መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው፤ ቁጥሩ መፈለግ ያለበት በሒሳብ ነው።

ወደ ሒሳቡ ከመግባት በፊት የደረሰኙን አቀማመጥ ማወቅ ያሻል። በእጃችን ባሉት ደረሰኞች ላይ ብዛቱና የአንዱ ዋጋ የሚታተሙት ከዕቃው ስም በላይ ባለው መስመር ነው፤ ስሙና ጠቅላላ ዋጋው ከሥር ይከተላሉ። የተገዛው አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ የላይኛው መስመር ጨርሶ አይታተምም። ይህን ያላስተዋለ ሰው ብዛቱን ከበላዩ ላለው ዕቃ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ በሙሉ አንድ ደረጃ ይንሸራተታል። ጉዳዩን መጀመሪያ ያስተዋለችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል ናት፤ «ቲቸር፣ ተከታትለው ያሉት ረድፎች በሙሉ ሲባዙ አይገጥሙም፤ ብዛቱን አንድ ዕቃ ወደ ታች ባወርደው ግን ሁሉም ይገጥማሉ» አለችኝ። ምልክቱም ይኸው ነው፤ አንድ ረድፍ ብቻውን ካልገጠመ የተበላሸው አንድ ቁጥር ነው፤ ተከታታይ ረድፎች አብረው ካልገጠሙ የተሳሳተው አቀማመጡ ነው።

አሁን አንድ ደረሰኝ እንውሰድ። አባላቱ የዕቃዎቹን ስም ወደ አማርኛ መልሰው፣ ያልተነበበውን በጥያቄ ምልክት ተክተው ከፎቶው የገለበጡት እንዲህ ነበር፦

```
12 x *45.00
ደብተር            *540.00
20 x *12.50
እስክሪብቶ          *250.00
?  x *620.00
የኤ4 ወረቀት እሽግ  *1,360.00
5  x *3?.00
ማርከር            *190.00
TXBL1          *2,840.00
TAX1 15%         *426.00
TOTAL          *3,266.00
```

ሥራው የሚጀመረው ከግርጌ ነው። በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምጣኔ 15 በመቶ ስለሆነ፣ የታችኞቹ ሦስት መስመሮች አንዱ ለሌላው ምስክር ናቸው። የ2,840 ብር 15 በመቶ 426 ብር ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 3,266 ብር ይሆናሉ። ሦስቱም ስለሚስማሙ ከታክስ በፊት ያለው ድምር 2,840 መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ከእንግዲህ የላይኞቹ ረድፎች የሚፈተኑት በዚህ ቁጥር ነው። ከታክስ ነጻ የሆነ ዕቃ ያለበት ደረሰኝ ሲያጋጥም የዚያ ዕቃ ዋጋ ለብቻው ስለሚደመር፣ ከታክስ ስሌቱ ውጭ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል።

የአራቱ ዕቃዎች ጠቅላላ ዋጋ እንደተገለበጠው ሲደመር 2,340 ብር ይመጣል፤ የጎደለው 500 ብር ነው። የጉድለቱ መልክ ብዙ ይናገራል። አንድ አኃዝ ብቻ በስሕተት ሲነበብ ልዩነቱ እንደ 500 ወይም እንደ 30 ያለ፣ ከፊቱ አንድ አኃዝ ብቻ ኖሮት ከኋላው ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ይሆናል፤ ስለዚህ በመቶዎቹ ቦታ በአምስት ያነሰ አኃዝ መፈለግ ነው። 8 ቁጥር በግራ ጎኑ እጥፋት ሲያልፍበት 3 መስሎ ይታያልና፣ 1,360 በእርግጥ 1,860 ሳይሆን አይቀርም። ይህን የሚያጸና ሁለተኛ ማስረጃ በዚያው ረድፍ አለ፤ 1,360 ለ620 ሲካፈል ሙሉ ቁጥር አይወጣውም፤ 1,860 ግን ለ620 ሲካፈል ልክ 3 ይሆናል። የወረቀት እሽግ ደግሞ በግማሽ አይሸጥም። በዚህም የተሳሳተው ዋጋ ታረመ፤ የጠፋው ብዛትም ተገኘ። ማርከሩ ቀላል ነው፤ 190 ለ5 ሲካፈል 38 ነው፤ ይህም ከእጥፋቱ በፊት ከሚታየው 3 ጋር ይገጥማል። አራቱ ጠቅላላ ዋጋዎች እንደገና ሲደመሩ 2,840 ሆኑ።

አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱ የሚፈጠረው ሲነበብ ሳይሆን ሲተየብ ነው። 540 ተብሎ መተየብ ያለበት 450 ቢባል ልዩነቱ 90 ነው። ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲመጣ አባላቱ ከፎቶው ይልቅ የተየቡትን ያያሉ። ልዩነቱ ከአንድ ዕቃ ጠቅላላ ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ ያ ረድፍ ተዘልሏል ወይም ሁለት ጊዜ ገብቷል። ረጅም ደረሰኝ በሁለት ፎቶ ሲነሣ በመገናኛው ላይ ያለው ዕቃ በሁለቱም ውስጥ ስለሚታይ ይህ በተደጋጋሚ አጋጥሞናል።

ሒሳብ የማይመልሰውም አለ፤ ይህን ለአባላቱ ማሳመን ከሁሉ የከበደኝ ትምህርት ነበር። በአንድ ረድፍ ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይመልሱታል። ብዛቱም የአንዱ ዋጋም አብረው ጠፍተው 250 ብር ብቻ ቢቀር ግን፣ 20 በ12.50፣ 25 በ10 እና 10 በ25 ሁሉም እኩል ይገጥማሉ። በሌላ ደረሰኝ ላይ የታየውን የእስክሪብቶ ዋጋ ወስዶ መሙላት ያጓጓል፤ ነገር ግን ሰንጠረዡ የተፈለገው የዋጋ ለውጥን ለማሳየት ስለሆነ፣ ያለፈውን ዋጋ በአዲሱ ላይ መጻፍ የተፈለገውን ነገር ራሱን ማጥፋት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠቅላላ ዋጋው ብቻ ይጻፋል፤ ሁለቱ ሴሎች ባዶ ይተዋሉ። ዕቃው ገና በግምጃ ቤት ካለ ደግሞ ሄዶ መቁጠር ይቻላል፤ ይህም መንገድ ሠርቶልናል።

በዚህ ምክንያት ሰንጠረዡ ከአራቱ ዓምዶች ሌላ ሁለት ተጨምረውለታል። አንዱ «የተነበበ»፣ «የተሰላ» ወይም «ያልታወቀ» የሚል ቃል የሚጻፍበት ነው፤ ከላይ የኤ4 ወረቀቱና የማርከሩ ረድፎች «የተሰላ» ተብለዋል። ሌላው የማጣሪያ ዓምድ ነው። ስም በA፣ ብዛት በB፣ የአንዱ ዋጋ በC፣ ጠቅላላ ዋጋ በD ሲሆን፣ በመጀመሪያው ረድፍ ይህ ይጻፋል፦

```
=ROUND(B2*C2,2)-D2
```

ውጤቱ ዜሮ ካልሆነ ረድፉ እንደገና ይታያል። ማጠጋጋቱ ያስፈለገው በኪሎ ለሚሸጡ ዕቃዎች ነው፤ 2.350 ኪሎ በ68.75 ብር ሲባዛ 161.5625 ይመጣል፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ግን 161.56 ነው፤ ሳይጠጋጋ ቢቀር ትክክለኛውን ረድፍ ስሕተት ያስመስለዋል። ከዋጋው በፊት የታተመው ኮከብም አብሮ መግባት የለበትም። ኮከብ ያለበትን ወይም በዜሮ ፈንታ O ፊደል የገባበትን ሴል ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ስለሚቆጥረው፣ SUM ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። ቁጥር በሴሉ ቀኝ፣ ጽሑፍ በግራ ስለሚሰለፍ፣ በዋጋ ዓምድ ውስጥ ወደ ግራ የተጠጋ ነገር መፈለግ ፈጣኑ ማጣሪያ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፎቶውን በቴሰራክት ፕሮግራም ለማስነበብ ሞክረናል። ባልተጨማደደ ደረሰኝ ላይ ትየባን አቅልሎልናል፤ በተጨማደደው ላይ ግን ስሞቹን በአንድ ወገን፣ ዋጋዎቹን በሌላ ወገን ለያይቶ ይጽፍብን ነበር። ገጹን እንደ አንድ ወጥ የጽሑፍ ክፍል እንዲያነብ በሚከተለው መንገድ ሲታዘዝ ረድፎቹ በብዛት ተጠብቀው ወጡ፦

```
tesseract photo.png rows --psm 6
```

ያም ሆኖ 8ን እንደ 3 ማንበቡ አልቀረምና፣ የማጣሪያው ዓምድ በእጅ ለተየበው እንደሚሠራ ሁሉ ለዚህም ይሠራል።

በእጅ የሚጻፉት ደረሰኞች ገና አልተጠናቀቁም። በእነዚህ ላይ ብርና ሳንቲም በተለያየ ዓምድ ስለሚጻፉ፣ በመካከላቸው ያለው መስመር በደበዘዘበት ፎቶ 12 ብር ከ50 ሳንቲም 1250 ሆኖ ይነበባል፤ ብዛቱ ሲባዛ ጠቅላላው መቶ እጥፍ ስለሚሆን ግን በማጣሪያው ዓምድ ወዲያው ይታያል። የቀሩት ደረሰኞች ፎቶዎች በደረሰኝ ቁጥራቸው ተሰይመው በክበቡ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጠዋል፤ ወረቀቶቹም ጽሑፋቸው እንዳይደበዝዝ ከፀሐይና ከሙቀት ርቀው በፖስታ ታሽገው ለሒሳብ ክፍል ተመልሰዋል። «ያልታወቀ» የተባሉት ረድፎች በቢጫ ቀለም ተለይተዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት አባላት ሥራቸውን የሚጀምሩት የሱቆቹን ቀሪ ቅጂ ከእነዚህ ረድፎች ጋር በማመሳከር ይሆናል።