«ጥቂት ይጠብቁ» የሚለው መልዕክት ሲመጣ ምን እየሆነ ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

«የመልስ ረቂቅ» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ አንዳንዴ ለምን እንደሚዘገይ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ሲዘገይ ደጋግሞ መጫን ይጠቅማል ወይ? አይጠቅምም፤ ምክንያቱን እናስረዳችሁ።

ረቂቁን የሚጽፈው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል የሚሠራው በሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ ነው። ያ ድርጅት፣ ማለትም አቅራቢያችን፣ በደቂቃ ስንት ጥያቄ እንደላክን ይቆጥራል። የጽሑፉንም ብዛት ይቆጥራል። ስለዚህ አንድ ረጅም ውል የብዙ አጫጭር መልዕክቶችን ቦታ ሊይዝ ይችላል። ገደቡ ሲሞላ 429 የሚል ኮድ ይመልስልናል፤ «በዛብኝ፣ ቆይታችሁ ሞክሩ» ማለቱ ነው።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 40 ጥያቄ በአንዴ ተልኮ 10ሩ ገደቡ ሞልቶ ሳይሠሩ ተመለሱ እንበል። አሥሩንም ልክ ከ1 ሰከንድ በኋላ ብንልካቸው አብረው ሄደው እንደገና ይጋጫሉ። ስለዚህ የጥበቃው ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ጥያቄ ቢበዛ የሚጠብቀው ጊዜ፣ በየሙከራው እጥፍ ይሆናል፦ መጀመሪያ 1 ሰከንድ፣ ከዚያ 2፣ 4፣ 8። ከጣሪያው በታች ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተለያየ ጊዜ በዕጣ ይደርሰዋል። በሁለተኛው ዙር አንዱ 0.3 ሰከንድ ሲጠብቅ ሌላው 1.7 ይጠብቃል። ዋናው ነገር ይሄ ዕጣ ነው። ያለ እሱ ጥያቄዎቹ ቆይተውም ቢሆን እኩል ይደርሳሉ። አቅራቢው ራሱ Retry-After ብሎ የሰከንድ ቁጥር ከላከልን ግን ከዚያ ቀድመን አንሞክርም። አራት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ይቆማል።

እናንተ በድጋሚ ስትጫኑ ግን አዲስ ጥያቄ ተጨምሮ ገደቡን የበለጠ ያጣብበዋል። መልሱ የዘገየ ብቻ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚያ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ረቂቅ ሁለቴ ይከፈላል። ለዚህ ነው በጥበቃ ላይ ሳለ ቁልፉ የሚደበዝዘው።

ሁሉም ስህተት ግን በመጠበቅ አይፈታም። 400 ከመጣ የተላከው ነገር ራሱ ችግር አለበት፤ 401 ከመጣ እኛ ወደ አቅራቢው ሰርቨር የምንገባበት የይለፍ ኮድ አልሠራም። መቶ ጊዜ ብንሞክር ያው ነው። አንዳንድ አቅራቢዎች ደግሞ የተከፈለው ሂሳብ ሲያልቅም ያንኑ 429 ይልካሉ። ስለዚህ ሥርዓታችን ከቁጥሩ ጋር የመጣውን ማብራሪያም ያነባል።

እናንተ ዘንድ የሚደርሰው ቁጥሩ አይደለም። የምታነቡት እንዲህ ያለውን ነው፦

«አሁን ጥያቄ በዝቷል። ጽሑፍዎ ተቀምጧል፤ ራሱ በድጋሚ ይሞክራል።»

«ጽሑፉ ረዝሟል። እባክዎ ከፋፍለው ይላኩት።»

«ችግሩ በእኛ በኩል ነው። ማሳወቂያው ደርሶናል፤ እርስዎ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም።»

ከመልዕክቱ ሥር የጥያቄ ቁጥር አለ። ስትደውሉልን እሱን ብቻ ንገሩን፤ ምን እንደተፈጠረ ወዲያው እናገኘዋለን።

አቅራቢው ለረጅም ሰዓት ከቆመ ጥበቃውም አያዋጣም። ያኔ ረቂቁ አይመጣም፤ የመልስ መጻፊያው ሳጥን ግን ክፍት ነው። ለደንበኛችሁ በእጃችሁ ጽፋችሁ መላክ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል