የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሁለት ዓምድ፣ አንድ ገጽ

ዘንድሮ ክበባችን 23 አባላት ነበሩት። መስከረም ላይ ተመዘገብን፣ ጥቅምት ላይ ሰብሳቢና ጸሐፊ መረጥን፣ ከዚያ በኋላ በየረቡዑ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተገናኘን። ቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ ስላለ እዚህ አልዘረዝረውም። በሰልፍ ሰዓት ዜና፣ በዕረፍት ሰዓት ግጥምና ሙዚቃ አቅርበናል። እሱን ሁላችሁም ሰምታችኋል።

ያልሰማችሁት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሠራነውን ነው። በትምህርት ቤታችን ማየት የተሳናቸው አራት ተማሪዎች አሉ። ጋዜጣ ይወዳሉ። በቴሌግራም የሚላከው የጋዜጣ ፎቶ ግን ለእነሱ ዝም ያለ ወረቀት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ገጽ መርጠን በስልክ እየቀረጽን ሰጠናቸው። በዓመቱ 26 ገጽ ቀርጸናል።

«ጋዜጣ ማንበብ ምን ክበብ ያስፈልገዋል?» ያሉኝ ባልደረቦች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም መስከረም ላይ እንደዚያው አስብ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቅጂዎች ብታዳምጡ ግን መልሱን ታገኙታላችሁ። አንድ ጎበዝ አንባቢያችን ስለ እግር ኳስ ዝውውር ሲያነብ «ክለቡ በክረምቱ ሦስት ተጫዋቾችን ፎቶ ፋይል አሰናብቷል» ብሎ ቀርጿል። ልጁ ማንበብ አልተሳነውም። ዓይኑ ዓምዱን ተከትሎ ወርዶ መሀል ላይ ፎቶ አገኘ፣ ከፎቶው ስር ያለችውን ጽሑፍ የዜናው ቀጣይ መስመር አድርጎ ቆጠራት። እኛ ስናይ ፊደሉ አነስ ማለቱ፣ ፎቶው ራሱ፣ ባዶው ቦታ ሁሉ ይነግረናል። በጆሮ ለሚሰማ ሰው ይህ ሁሉ የለም። የሚደርሰው አንባቢው የመረጠለት ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

እናም ከኅዳር ጀምሮ ሥራችንን ቀየርነው። ማንም ማይክ ከመያዙ በፊት እርሳስ ይይዛል። ገጹን ዘርግቶ ያያል እንጂ አያነብም። መጀመሪያ ርዕሶቹን ይፈልጋል። ለልጆቹ ያስረዳሁት እንደ ጣሪያ አድርጌ ነው። ርዕሱ ሁለቱንም ዓምድ ከሸፈነ ከስሩ ያሉት ሁለቱም ዓምዶች የእሱ ቤት ናቸው። አንዱን ብቻ ከሸፈነ ጎረቤቱ ዓምድ የሌላ ሰው ቤት ነው፣ ሳያንኳኩ አይገባም። ቤቱ ደግሞ ወለል አለው። ወለሉ ቀጭን መስመር ወይም የሚቀጥለው ርዕስ ነው። ብዙዎቹ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የግራውን ዓምድ ሲጀምሩ እስከ ገጹ ግርጌ ድረስ ይወርዳሉ፤ መሀል ላይ ያለውን ሌላ ርዕስ እንደ ንዑስ ርዕስ ቆጥረው ያልፉታል። የላይኛው ዜና ግን ወለሉ ጋ ሲደርስ መታጠፍ አለበት፣ ወደ ቀኙ ዓምድ፣ እዚያው ጣሪያ ስር።

ከዚያ በእርሳስ ቁጥር ይሰጣል። ዋናው ጽሑፍ ቁራጭ በቁራጭ 1፣ 2፣ 3 ይባላል። የፎቶ መግለጫ «ፎ»፣ በሳጥን የታጠረ ጽሑፍ «ሳ» ይጻፍበታል። ከጽሑፉ ተመዞ በትልቅ ፊደል መሀል ላይ የተቀመጠ አባባል ካለ ይሰረዛል፤ ዋናው ጽሑፍ ውስጥ ስላለ ሁለት ጊዜ ማንበብ የለብንም። ፎ እና ሳ ዋናው ጽሑፍ ካለቀ በኋላ ይነበባሉ፣ ያውም «ከፎቶው ስር የተጻፈው» ወይም «በሳጥን ውስጥ ያለው» ተብሎ ከተነገረ በኋላ። አድማጮቻችን ራሳቸው ናቸው እንዲህ ይሁን ያሉት።

ይህን ይዘን ጥር ደረስን። አሁን የምጽፈውን ቀን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

የመረጥነው ገጽ ስለ ንብ አናቢ ነበር። ሰፊ ርዕስ፣ ከስሩ ሁለት ዓምድ። መሀል ላይ ግን ሁለቱንም ዓምድ አቋርጦ አንድ ትልቅ ፎቶ ተኝቷል። ስለዚህ ጽሑፉ አራት ቁራጭ ሆኗል፤ ከፎቶው በላይ ግራና ቀኝ፣ ከፎቶው በታች ግራና ቀኝ። ፎቶው ወለል ነው ወይስ መሀል ቤት የተቀመጠ ጠረጴዛ? ወለል ከሆነ ከላይ ግራ ወደ ላይ ቀኝ ትሄዳለህ። ጠረጴዛ ከሆነ ዘለኸው ወደ ታች ግራ ትወርዳለህ።

አንባቢው ወለል ነው አለ። ማስረጃም ነበረው። የላይኛው ግራ ቁራጭ የሚያልቀው «አናቢው ጭሱን ቀስ ብሎ ካስገባ በኋላ የቀፎውን» ብሎ ነው። የላይኛው ቀኝ የሚጀምረው «ማር ቆርጦ በንጹሕ ባልዲ ያስቀምጣል» ብሎ ነው። «የቀፎውን ማር ቆርጦ»፤ ምንም አይልም፣ ሰዋስዉም ልክ ነው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። መቅረጽ ጀመርን።

ከአድማጮቻችን አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ያን ቀን ቅጂውን እስኪሰጧት መጠበቅ ሰልችቷት እዚያው ክፍል ጥግ ተቀምጣ ነበር። እጇን አነሳች።

«ቲቸር፣ አንድ ጊዜ ይቁም። ቀፎውን መቼ ከፈተው?»

አንባቢው ወደ ኋላ ተመለሰ። መክፈቱ የለም።

«አያቴ ንብ አላት። መጀመሪያ ጭስ ነው፣ ከዚያ ክዳን ነው፣ ከዚያ ነው ማር የሚቆረጠው። ክዳን የሚል ነገር ፈልጉልኝ።»

ፈለግን። ከፎቶው በታች በግራ በኩል የመጀመሪያው መስመር «ክዳን ያነሳል» ይላል። «የቀፎውን ክዳን ያነሳል»። ፎቶው ጠረጴዛ ነበር።

ልጅቷ ግን አልበቃትም። «ታዲያ ሌሎቹም ይገጥሙ እንደሆነ እዩ» አለች። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አነበብንላት። የታችኛው ግራ የሚያልቀው «ከዚያ የበሰለውን» ብሎ ነው፤ ከላይኛው ቀኝ ጋር ሲገናኝ «ከዚያ የበሰለውን ማር ቆርጦ» ይሆናል። የላይኛው ቀኝ የሚያልቀው «ለንቦቹ የሚሆን ምግብ» ብሎ ነው፤ ከታችኛው ቀኝ ጋር «ለንቦቹ የሚሆን ምግብ መተው አለበት» ይሆናል። ሦስቱም ገጠሙ። በመጀመሪያው አካሄዳችን ብንቀጥል ኖሮ ቀጥሎ የሚመጣው «ለንቦቹ የሚሆን ምግብ ክዳን ያነሳል» ነበር። መጨረሻው ደግሞ «ከዚያ የበሰለውን መተው አለበት» ሊል ነው። ይህ የመጨረሻው ያስደነግጠኛል፤ ምክንያቱም ሰዋስዉ ልክ ነው፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ሰው ሰምቶ የበሰለ ማሩን ትቶ ሊሄድ ይችላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደንባችን ተቀየረ። አንድ መጋጠሚያ ስለገጠመ አናምነውም። ሁሉም መጋጠሚያዎች ከመቀረጻቸው በፊት ይፈተሻሉ። አማርኛ ለዚህ ይመቻል፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓምዱ «ቀፎውን» ወይም «ካስገባ በኋላ» ብሎ ሲያበቃ ዓረፍተ ነገሩ ገና ግሱን እየጠበቀ መሆኑን ትሰማለህ። አስቸጋሪው ቁራጩ በአራት ነጥብ ሲያልቅ ነው። ያኔ ሰዋስው አይረዳህም፤ እንደዚያች ልጅ ነገሩ ራሱ ምን ይቀድማል ብለህ መጠየቅ አለብህ።

የአንድ ልጃችን አያት ከሳጥን ያወጡት የድሮ አዲስ ዘመን ሌላ ነገር አስተማረን። በዚያ ዘመን ቃልና ቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ነበር። መስመር ሲሞላ ቃሉን የትም ቦታ ይሰብሩታል፣ ሰረዝም አያደርጉም። ልጆቹ መጀመሪያ ተቸገሩ። በኋላ ግን ገባቸው። መስመሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ቃሉ አላለቀም ማለት ነው። የተሰበረው ቃል ግማሹ የት እንዳለ ካወቅህ የሚቀጥለውን ዓምድ አገኘህ። «መን» የሚል ጫፍ ይዘው «ግሥት»ን ሲፈልጉ ያሳዩትን ጉጉት በፈተና ወረቀት ላይ አይቼው አላውቅም።

ሚያዝያ ላይ የሥነ ዜጋ መምህራችን ሕገ መንግሥቱን ከፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ አንብቡልን አሉ፤ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ከወጣው ከመጀመሪያው ቁጥር። ሁለት ዓምድ ነው፣ እኛም ተዘጋጅተን ቀረብን። የተማርነው ሁሉ ግን አልሠራም። ነጋሪት ጋዜጣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቱ ዓምዶች አንድን ነገር ጎን ለጎን ይናገራሉ። የግራው ሲያልቅ ወደ ቀኝ አትታጠፍም። ገጹን ገልብጠህ እንደገና ግራውን ትይዛለህ። አንዱ ልጅ የመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ያለችውን «ያንዱ ዋጋ» የሕጉ አካል አድርጎ አንብቧት ስለነበር ያንን ቅጂ እንደገና ሠራነው። ልጆቹ አንቀጽ 106 ላይ ሲደርሱ የመጨረሻው ሕጋዊ ተቀባይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ራሳቸው አገኙት። የግራውን ዓምድ ይዘን መሄዳችን ትክክል እንደነበር ከዚያው ከገጹ ተረዱ።

ያልተሳካልንም አለ። የካቲት ላይ መቅረጫ የነበረው የኔ ስልክ ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ሥራ ቆመ። አራት ቅጂዎች ጠፉ። ለክበቡ የተያዘው ገንዘብ ከአንድ ማይክ ገመድ ጥገና አላለፈም፤ ጋዜጣውን የገዛነው ከልጆቹና ከእኔ ኪስ ነው። ለአራት ተማሪዎች ብቻ ይህን ያህል ይወጣል ወይ የሚል ወላጅ ካለ፣ ረቡዕ ከሰዓት መጥቶ አንድ ቅጂ ያዳምጥ። በሩ ክፍት ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንድ ድምፅ መቅረጫ፣ የግለሰብ ስልክ ያልሆነ። ሌላው ጋዜጣ። ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከመስከረም ጀምሮ የቅጂ ፈታሽ ሆና ትሠራለች፤ እሷ «ገጥሟል» ሳትል ምንም አይወጣም። ስለዚህ የሚበዛ ሥራ ይኖረናል። ቤታችሁ የተነበበ ጋዜጣ ካለ ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ላይ አስቀምጡልን። ግን ሙሉውን ይሁን። ዘንድሮ ከተሰጡን ጋዜጦች ብዙዎቹ የፊት ገጽ ብቻ ነበሩ። «ወደ ገጽ 11 ዞሯል» ይላል፣ ገጽ 11 ግን ዳቦ ተጠቅልሎበት ሄዷል። እባካችሁ እሱን ገጽ አትጣሉብን።