ዲፕሎማው አልጋ ሥር ነው

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው እሑድ «ያ ካርቶን እየፈታሽ ዕቃ የምትደረድሪበት ጌም ስሙ ማን ነበር? የቡና ጓደኞቼ ይሞክሩት ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ገና መልሱን ስጀምርልሽ ስልኩ ተቆረጠ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ቡናው እስኪፈላ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። መሀል ላይ ግን ላንቺ ብቻ የጻፍኩት አለ። ስትደርሺበት ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ።

ስሙ «አንፓኪንግ» ነው፤ የታሸገ ዕቃ መፍታት ማለት ነው። ስልክ ላይ ሲፈለግ Unpacking ተብሎ ይጻፋል። የሠራው ዊች ቢም የሚባል አነስተኛ ድርጅት ነው፤ ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ ውስጥ። ሬን ብሪየር የምትባል ሴትና ቲም ዶውሰን የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 2018 አብረው ሊኖሩ ዕቃ ሲፈቱ፣ «ይሄ ራሱ ጨዋታ ይወጣዋል» ብለው ጀመሩት። በ2021 ወጣ። በዓመቱ የእንግሊዞቹን የባፍታ ሽልማት ሁለት ወሰደ፤ አንዱ ለታሪክ አተራረኩ ነው። ይህን ስነግርሽ ግን አንድ ነገር አትርሺ፤ ጨዋታው ውስጥ አንድም ሰው አይናገርም።

አንዲት ልጅ አለች። መልኳን አታይም፣ ስሟንም አትሰሚም። የምታይው ስምንት ጊዜ ቤት ስትቀይር ነው። ክፍሉ ይከፈትልሻል፣ ወለሉ ላይ ካርቶን ተከምሯል። ካርቶኑን በጣትሽ ስትነኪው አንድ ዕቃ ይወጣል፤ ቦታ ፈልገሽ ታስቀምጪዋለሽ። ደግሞ ትነኪዋለሽ፣ ሌላ ይወጣል። ካርቶኑ ባዶ ሲሆን ተጣጥፎ ይጠፋል። ሰዓት አይቆጠርብሽም፣ ነጥብ የለም፣ የሚያሸንፍሽ ሰው የለም። ሠርተሽ ስትጨርሺ ቤቱ ፎቶ ይነሣና አልበም ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር እንዳትሳሳቺ። የመጀመሪያው ቤት «1997» ይላል። ያ የፈረንጁ ነው። ምርጫውን እንዳታስታውሺ፤ በእኛ 1989 ወይም 1990 መሆኑ ነው። ልጅቷ ያኔ ትንሽ ናት፣ ያላትም አንዲት መኝታ ክፍል ብቻ። አሻንጉሊት፣ መጽሐፍ፣ የቀለም እርሳስ። በ2004 ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ኩሽናና መታጠቢያ ይጨመርልሻል። መጨረሻው 2018 ነው።

ጓደኞችሽ «ታዲያ ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው? ቤት ማጽዳት አይደለም ወይ?» ይላሉ። አውቃቸዋለሁ። ፈተናው እዚህ ላይ ነው፦ እያንዳንዱ ዕቃ የሚሆንበትና የማይሆንበት ቦታ አለው። ካርቶኑ ሁሉ ካለቀ በኋላ ቦታውን የሳተ ዕቃ ዙሪያውን በቀይ መስመር ይከበባል። የጥርስ ብሩሽ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ብትተዪ ቀይ ይሆናል። ግን ስህተት መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርሽ፤ የት እንደሚሆን አይነግርሽም። እሱን አንቺ ታስቢያለሽ።

የሚያለፋው ቦታ ማጣቱ ነው። መሳቢያው ይሞላል፣ ሳህን በሳህን ላይ ትደራርቢያለሽ፣ ጫማውን ቁም ሳጥን ሥር ታሰልፊያለሽ። ሸሚዝ ቁም ሳጥን ውስጥ ስታስጠጊው ራሱ ይሰቀላል፣ መሳቢያ ውስጥ ስታደርጊው ይታጠፋል። ከመኝታ ቤቱ ካርቶን መጥበሻ ይወጣል፤ ያሸገው ሰው ቸኩሎ ነበርና። እንደኛው ነው። ከፒያሳ ወደ ገርጂ ስንሄድ የቡና ሙቀጫው ከትምህርት ቤት ደብተሬ ጋር መውጣቱን ታስታውሻለሽ?

ድምፁን ደግሞ ጆሮሽን አቅርበሽ ስሚው። ኩባያ እንጨት ላይ ሲቀመጥና ሰድር ላይ ሲቀመጥ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጥም። መጽሐፍ ምንጣፍ ላይ ሌላ ነው። ሠሪዎቹ ለዚህ ብቻ ከ14,000 በላይ ድምፅ ቀድተዋል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጌሙን የምከፍተው ለዚሁ ነው። አንቺ ማታ ሳህን ስታጥቢ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ የምሰማው ዓይነት ድምፅ ነው።

አሁን ድምፅሽን ቀንሺ።

2010 ላይ ልጅቷ ፍቅረኛዋ ቤት ትገባለች። ቤቱ ዘመናዊ ነው፣ ግራጫና ጥቁር፣ የሱ ዕቃ በሙሉ ቀድሞ ቦታ ይዟል። መደርደሪያው ሞልቷል፣ መሳቢያው ሞልቷል፣ ግድግዳው በሱ ሥዕሎች ተይዟል። የሱን ዕቃ ትንሽ ትንሽ ገፋ እያደረግሽ ለሷ ቦታ መሥራት አለብሽ። ኩሽናው እንኳ ይቻላል። ከዚያ ከአንዱ ካርቶን ዲፕሎማዋ ይወጣል። በመስታወት ፍሬም የገባ፣ ትልቅ። አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ዕቃዋን ስትፈቺ ኖረሻል እኮ፤ ስታዪው ደስ ይልሻል። ግድግዳ ትፈልጊያለሽ። ግድግዳ የለም። ሳሎን ትወስጂዋለሽ፣ ኩሽና፣ መልሰሽ መኝታ ቤት። አንዱ ጥግ ብታስደግፊው ቀይ ይሆናል። እኔ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈለግሁ። በመጨረሻ የተቀበለኝ ቦታ አልጋ ሥር ነው። ዲፕሎማዋን በገዛ እጄ አልጋ ሥር ገፋሁት፣ ቀዩ መስመር ጠፋ፣ ቤቱ «አለቀ» አለኝ።

ማንም «ይህ ሰውዬ አይሆንሽም» አላለም። ቦታ አለመኖሩ ብቻ ተናገረ። ሽልማት ያሰጠውም ይህ ይመስለኛል።

ቀጥሎ 2012 ይመጣል፣ ልጅቷ ወላጆቿ ቤት፣ ወደ ድሮ ክፍሏ ተመልሳለች። ከካርቶኑ የሰውዬው ፎቶ ይወጣል። እሱን ደግሞ በግልጽ ካስቀመጥሽው ቀይ ይሆናል፤ መደበቅ አለበት። ከዚህ በላይ አልነግርሽም፣ ራስሽ እዪው።

እማዬ፣ አምና «ዲግሪሽን የት ሰቀልሽው?» ስትይኝ «ሳሎን» ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። የኔም ሻንጣ ውስጥ ሆኖ አልጋ ሥር ነው ያለው። እንደዚያች ልጅ ቦታ የነፈገኝ ሰው ኖሮ አይደለም፤ አምስት ቤት ስቀያይር ማውጣቱ ሰነፍኩ። አንቺ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ የሰቀልሽው የምረቃ ፎቶዬ ነው ያሳፈረኝ። ይኸው ተናዘዝኩ።

እንግዲህ ድምፅሽን መልሺው። ቀጥሎ ጌሙ ለማን እንደማይሆን ልንገርሽ።

አክስቴ አትሞክረው። እሷ ካርታ እንኳ ስትጫወት ካላሸነፈች ታኮርፋለች። እዚህ የሚሸነፍ የለም፣ በአንድ ቀን ትሰለቻለች። በየቀኑ ጠዋት የሚከፈት ነገር የሚፈልግም ይለፈው። እኔ አራት ሰዓት ገደማ ፈጀብኝ፣ ከዚያ አለቀ። ከፈለግሽ እንደገና ትደረድሪዋለሽ እንጂ አዲስ ቤት አይመጣም። በነጻ የሚወርድም አይደለም፣ አንዴ ይከፈልበታል። ለአራት ሰዓት ገንዘብ አላወጣም የሚል ሰው ልክ ነው፤ አልከራከረውም።

ዓይኑ የደከመ ሰው በስልክ አይሞክረው። ሥዕሉ እንደ ድሮ ጌም በትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተሠራ ነው። እኔ ራሴ አንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ያስቀመጥኩት። ኩሽናው ላይ ይብሳል፤ የፈረንጅ ኩሽና ነው፣ ጀበና የለም፣ ምጣድ የለም፣ ምን ሊላጥበት እንደሆነ የማይታወቅ ብረት ግን ሞልቷል። ቀዩ መስመር ካናደደሽ ሴቲንጉ ውስጥ ዕቃው የትም እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። ሲበራ ምንም ነገር ቀይ አይሆንም። ግን 2010 ላይ እንዳታበሪው፤ ዲፕሎማውን የትም ብታደርጊው ዝም ይላልና ነገሩ ያመልጥሻል።

ሌላም አለ። ልጅቷ በኋላ አብራት የምትኖረው ሴት ናት። ይህ የማይዋጥላቸው ወዳጆችሽ መኖራቸውን አውቃለሁ፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ቡና ላይ ድንገት ደርሰውበት ከሚጣሉሽ ይሻላል።

ቤታቸው የፈረሰባቸው እትዬን ግን አደራ፣ አታሳዪያቸው። ገና ዕቃቸውን ከካርቶን አውጥተው አልጨረሱም ብለሽኝ ነበር። የጌሙ ካርቶን ሁልጊዜ ያልቃል። የሳቸው ቡፌ አዲሱ ቤት በር አልገባ ብሎ ደጅ ላይ ቀርቶ የለ? ምናልባት ለሌላ ጊዜ።

ማን ይወደዋል ካልሽኝ፣ አንቺ ትወጂዋለሽ። እንግዳ ሲሄድ ትራሱን እንደገና የምታስተካክዪ ሴት ነሽ። ሁለተኛዋ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽ ናት፤ የሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው መደርደሪያውን አይደል? ቋንቋው አያስቸግራችሁም። የሚነበበው አልበሙ ላይ ከፎቶው ሥር ያለችው አንድ መስመር ብቻ ናት፤ እሷንም የእህቴ ልጅ ትተርጉምላችሁ። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስካለ ይሠራል።

የድሮ ታብሌቴን ለጥምቀት ከምትመጣው የአጎቴ ልጅ ጋር እልክልሻለሁ። ጌሙን ጭኜበታለሁ፣ ቻርጀሩ ከጎኑ ነው። ከ1997 ጀምሪ፣ እንዳትዘዪ። ሮዝ አሳማ አሻንጉሊት ታገኛለሽ፤ እሷን በየቤቱ ተከታተያት።

የግድግዳውን ነገር አከራዬን ጠይቄያለሁ። ሚስማር አይፈቀድም አለኝ፣ ግን ሳይበሳ የሚለጠፍ መስቀያ አለ ብሎ ነገረኝ። ቅዳሜ እገዛለሁ። ፎቶውን እልክልሻለሁ፣ በጥቁሩ ፍሬም ነው ወይስ በእንጨቱ ይሻላል?

ናፋቂ ልጅሽ