የግብር እፎይታው በማን እጅ ይግባ?

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፦

ስለ በጎ አድራጎትና ግብር ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው መንግሥት ለለጋሾች የግብር እፎይታ ከሰጠ ልግስና ይጨምራል ብለው ጉዳዩን እዚያው ቋጭተውታል። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ እንዲጨመርበት እፈልጋለሁ፤ እፎይታው የሚገባው በለጋሹ እጅ ነው ወይስ በተቀባዩ ድርጅት?

የእፎይታው ምክንያት ራሱ ክፉ አይደለም። ሰው የሰጠውን ገንዘብ ለራሱ አላዋለውም፤ ታዲያ እንደ ገቢው ቆጥሮ ግብር ማስከፈል ለምን? የአሜሪካ ኮንግረስ እፎይታውን እ.ኤ.አ. በ1917 ሲደነግግ ያሳሰበው ግን ከዚህም የቀረበ ነገር ነበር። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ወጪ ሲባል ከፍተኛው የገቢ ግብር መጣኔ ወደ 67 በመቶ ሲያሻቅብ፣ ባለጸጎች ለኮሌጆችና ለመሰል ተቋማት የሚሰጡት ትርፍ ገንዘብ ያጣሉ የሚል ስጋት ተነሣ። ስለዚህ ሴናተር ሄንሪ ሆሊስ ባቀረቡት ማሻሻያ ለጋሹ የሰጠውን፣ እስከ ገቢው 15 በመቶ ድረስ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ እንዲቀንስ ተፈቀደለት።

ችግሩ ያለው በዚህ የአቀናነስ ስልት ላይ ነው። ሦስት ሰዎች ለአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ እያንዳንዳቸው 100 ሰጡ እንበል። 40 በመቶ የሚከፍለው ባለጸጋ 40 ስለሚቀነስለት ከኪሱ የሚወጣው 60 ብቻ ነው። 20 በመቶ የሚከፍለው 80 ያወጣል። ገቢው ከግብር ወለል በታች የሆነው ደግሞ መቶውን ሙሉ ይችለዋል። ማሳደጊያው ከሦስቱም እኩል ተቀብሏል፤ መንግሥት ግን ትልቁን ድጋፍ የሰጠው ገቢው ለላቀው ሰው ነው። ይህን ፍትሕ ልለው አልችልም።

በዚያው በአሜሪካ ሌላም ነገር አለ። ግብር ከፋዩ ወይ ወጪዎቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ይቀንሳል፣ ወይ ደግሞ ሕጉ የወሰነለትን መደበኛ ተቀናሽ ይወስዳል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ አያገኝም። ለባልና ሚስት መደበኛው ተቀናሽ እ.ኤ.አ. በ2017 12,700 ዶላር ነበር፤ በ2018 24,000 ሆነ። 15,000 ዶላር ሌላ ተቀናሽ ወጪ ያላቸውና በየዓመቱ 3,000 የሚለግሱ ጥንዶችን እናስብ። የግብር መጣኔያቸው 25 በመቶ ከነበረ፣ በ2017 ስጦታቸው 750 ዶላር ግብር ያስቀርላቸው ነበር። በ2018 ግን ጠቅላላ ተቀናሻቸው 18,000 ብቻ ስለሆነ ስጦታው አንድም ሳንቲም አላስቀረላቸውም። የሦስት ዓመቱን ስጦታ በአንድ ዓመት ጠቅልለው ቢሰጡ እንኳ 24,000 ላይ ይደርሳሉ እንጂ አያልፉትም። ስለ ልግስና ያልወጣ ድንጋጌ የልግስናን ዋጋ ለወጠባቸው። ወጪያቸውን የሚዘረዝሩት ከግብር ከፋዮቹ ሦስት አሥረኛ ገደማ የነበሩት በዚያን ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛ ወርደው ነበርና እንደ እነዚህ ጥንዶች ያሉት ብዙ ነበሩ።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረችው «ጊፍት ኤይድ» የተባለው አሠራር ገንዘቡን በሌላ በር ያስገባዋል። ለጋሹ 100 ፓውንድ ሲሰጥ፣ ይህ ገንዘብ 20 በመቶ ግብር ከተከፈለበት 125 ፓውንድ ላይ የተረፈ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ድርጅቱም 25 ፓውንዱን ከግብር ባለሥልጣኑ ይጠይቃል። ለጋሹ ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ግብር ከፋይ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ይጠበቅበታል። እንከን የለውም አልልም። ለጋሹ በዓመቱ የከፈለው ግብር ድርጅቱ ከጠየቀው ካነሰ ልዩነቱን የሚሞላው ራሱ ነው፤ ይህንን ሳያውቁ የሚፈርሙ አሉ። 40 በመቶ የሚከፍለው ለጋሽም ተጨማሪ 25 ፓውንድ ለራሱ ማስመለስ ስለሚችል፣ ለባለጸጋ ማድላቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት የወረቀት ሥራ ብቻ የሚመስላቸው ይኖራሉ። 125 እንዲደርስ 100 ከፍሎ 25 ማስጨመር፣ ወይም 125 ሰጥቶ 25 ማስመለስ፣ በሒሳብ አንድ ነው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ካትሪን ኤክልና ፊሊፕ ግሮስማን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የሙከራ ጥናት ግን ሰዎች እኩል አላዩትም፤ ድጋፉ በስጦታው ላይ ሲታከል ለድርጅቱ የደረሰው ገንዘብ ለሰጪው ከሚመለስበት በግልጽ በልጧል። ለእኔ ይህ የሚገባኝ እንዲህ ነው፦ መቶ ለመስጠት የቆረጠ ሰው መቶ ይሰጣል። ተመላሹን አስቀድሞ አስልቶ ስጦታውን ወደ 125 የሚያሳድገው ጥቂቱ ነው፤ ለብዙው ተመላሹ ወደ ኪሱ ገብቶ ይቀራል። የሒሳብ ባለሙያ ቀጥሮ ትልቅ ስጦታ የሚያቅድ ባለጸጋ በርግጥ ከዚህ ሊለይ ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ በሚረቀቅበት ቦታ ሁሉ፣ ጋዜጣችሁ ምን ያህል ግብር እንደሚቀነስ ከመዘገብ አልፎ ካዝናው ከተወው ገንዘብ ስንቱ ተቀባዩ ዘንድ እንደሚደርስ አርቃቂዎቹን እንዲጠይቅልን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ