አስጠኚዎቹ ከአጋማሽ ፈተና በፊት ይመደቡልን፦ ለዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት፣

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ካልኩለስ የማስተምር መምህር ነኝ። በየሴሚስተሩ የአጋማሽ ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ዝቅተኛ ያመጡት ተለይተው ማጠናከሪያ ትምህርት ይዘጋጅላቸዋል። ያን ጊዜ የኮርሱ እኩሌታ አልፏል። ተማሪውም ስሙ በደካሞች ዝርዝር የወጣ ስለሚመስለው ይሸሻል። ኮርሱን ዓምና የጨረሱ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲያስጠኑ እንዲፈቀድልን የምጠይቅዎ ለዚህ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝን አንድ ተማሪ ልንገርዎ። በመጀመሪያው አጭር ፈተና የ1/x ዴሪቬቲቭን ከትርጓሜው ተነስቶ እንዲያወጣ ተጠይቆ እንዲህ ጻፈ፦

1/(x+h) − 1/x = 1/h

ሊሚት አልገባውም ብዬ ዜሮ ሰጥቼው አለፍኩ። ፈተናውን ይዞ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ዘንድ ሄደ። እሷ ስለ ሊሚት አንድም ቃል አላነሳችም። «1/3 − 1/2 ስንት ነው?» አለችው። −1/6 ብሎ በትክክል መለሰ። «እስቲ አንተ በጻፍከው መስመር x ን 2፣ h ን 1 አድርገህ አስላው» አለችው። በግራ በኩል −1/6፣ በቀኝ በኩል 1 ወጣ። ብዙ ዝም ብሎ ካየው በኋላ የጋራ ታሕታይ ራሱ ፈልጎ −h/(x(x+h)) ላይ ደረሰ። በ h ሲያካፍለው −1/(x(x+h)) ሆነ፤ h ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ −1/x²። ሊሚቱ ገብቶት ነበር። ያቃተው ቁጥር በፊደል ሲተካ ክፍልፋይ መቀነስ ነው።

እኔ ያላየሁትን እሷ ያየችው ዓምና ራሷ ተሳስታበት ስለነበር ነው። እሱም ቢሆን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ስለ ክፍልፋይ መምህሩን መጠየቅ ያፍር ነበር፤ እሷን ግን አላፈራትም። ስለዚህ አስጠኚ ሲመረጥ ከፍተኛውን ውጤት ብቻ ባንመለከት እመርጣለሁ። ሁሉ ነገር ያለ ችግር የገባው ተማሪ ሌላው የት እንደሚሰናከል ብዙ ጊዜ አይታየውም።

መርሐ ግብሩ ለአንድ ኮርስ ተማሪዎች በሙሉ ክፍት ቢሆን ይሻላል። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ካንሳስ ሲቲ የተጀመረው አሠራር ደካማ ተማሪ ከመምረጥ ይልቅ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበትን ኮርስ ይመርጣል። ኮርሱን ያለፈው አስጠኚ ከአዲሶቹ ጋር ሌክቸሩን እንደገና ይከታተላል፤ ከዚያ የጥናት ሰዓቱን ይመራል። ጎበዙም ደካማውም ስለሚመጣ መገኘት አያሳፍርም። እኛ ከዚህ ላይ የምንጨምረው በመጀመሪያው አጭር ፈተና ዝቅ ያሉትን መምህሩ ለየብቻ እንዲጋብዛቸው ነው፤ አለዚያ ቀድመው የሚመጡት ብዙም እርዳታ የማያሻቸው ይሆናሉ።

ወጪውን በሰዓት ላስላው። 120 ተማሪዎች በስድስት በስድስት ሲከፈሉ 20 ቡድን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቡድን በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢያጠና 60 ሰዓት፣ በአሥር ሳምንት 600 ሰዓት ነው። አንድ አስጠኚ ሁለት ቡድን ቢይዝ አሥር ሰው ይበቃል። ሌክቸር የሚከታተሉበትም ሰዓት ይታሰብላቸው፤ በነጻ የተጀመረ ማስጠናት የራሳቸው ፈተና ሲደርስ እንደሚቆም በዓይኔ አይቻለሁ።

በጣም የምፈራው አስጠኚው ትንሽ መምህር እንዳይሆን ነው። ተማሪው ሲዘገይበት እስክሪብቶውን ተቀብሎ ይሠራለታል፤ ያኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሁለቱም ተደስተው ይለያያሉ፣ በፈተና ቀን ግን ባዶ ወረቀት ይመለሳል። ይህን ለማወቅ ደብተሩን ገልጦ የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ማየት ይበቃል። አስጠኚዎቹ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ቀን እስክሪብቶ ሳይነኩ መጠየቅን ይለማመዱ፤ በየሁለት ሳምንቱም አንድ መምህር ገብቶ ይያቸው። የሚታረም አሳይመንት ላይ እንዳይሠሩም በግልጽ ይነገራቸው።

ውጤቱ ሲመዘን የመጡትን ካልመጡት ጋር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል፤ የሚመጡት ቀድሞውንም ትጉዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ። በመጀመሪያው አጭር ፈተና እኩል ያገኙትን እርስ በርስ እናወዳድር። ኮርሱ ራሱ በፍጥነት ካለፈ ወይም ተማሪው የታመመ ወይም የተቸገረ ከሆነ አስጠኚ አይፈታውም፤ እነዚህን ወደሚመለከታቸው መላክ አለብን።

ለመጪው ሴሚስተር በካልኩለስ ብቻ እንዲፈቀድልን እጠይቃለሁ። ከተፈቀደ የቡድን ድልድሉንና የልምምዱን ቀን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለቢሮዎ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንደኛ ዓመት ሒሳብ መምህር