የጥር ወጪሽ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ተሻለሽ?

የላክሽልኝን የቴሌብር ስክሪንሾቶች አይቼ የጥርን ወጪ ደምሬልሻለሁ። «ብሩ የት ነው የሚገባው?» ብለሽ ስለተጨነቅሽ፣ እንዴት እንደደመርኩትም ልንገርሽ።

ስልክሽ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው። ስለዚህ የያዝኩት ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ያለውን ብቻ ነው፤ ከጥር 1 እስከ 30 መሆኑ ነው።

የወጣውን ሁሉ እንዳለ ብትደምሪው 10,535 ብር ይመጣል። ይሄ ግን ልክ ሊሆን አይችልም። ወሩ ሲጀምር 1,240 ብር ነበረሽ። እኔ የላክሁልሽና ከባንክ ያዛወርሽው ጡረታሽ ሲደመር 9,500 ገብቷል። በመጨረሻ የቀረሽ 860 ነው። የነበረውና የገባው ተደምሮ የቀረው ሲቀነስ 9,880 ነው፤ ከዚህ በላይ ልታወጪ አትችይም። ትርፉ 655 ብር ነው። ይህን ቁጥር ስፈልግ የመብራት ክፍያሽ ሆኖ አገኘሁት። የአንዱ ስክሪንሾት መጨረሻ ላይ አለ፣ የሚቀጥለው አናት ላይም አለ። ሰዓቱ አንድ ነው። እህቴም መልእክቶችሽን አይታ፣ የመብራት ማረጋገጫው አንድ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ።

ሁለቴ ስለገባ ግን አትስጊ። እንዲያውም ወደፊትም ስታነሺ የመጨረሻው መስመር በሚቀጥለው ላይ ይደገም። ካልተደገመ መሃል ላይ የተዘለለ ነገር ይኑር አይኑር በምን እናውቃለን? የተደገመውን መሰረዝ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ክፍፍሉ። ለአስቤዛ 3,200 ወጥቷል። ከዚህ ውስጥ 1,400ው ስልኩ ላይ «ለሰው የተላከ» ይላል፤ ስሙን ሳይ ግን አትክልት የሚሸጥልሽ ልጅ ነው፣ በግል ስልኩ ስለሚቀበል ነው። ለአክስቴ የላክሽው 1,000 ግን የእውነት ስጦታ ስለሆነ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። መድኃኒት 1,150፣ መብራትና ውሃ 965፣ የስልክ ካርድና ጥቅል 415፣ ዕድር 100 ሆኗል። የአገልግሎት ክፍያው ተለቃቅሞ 50 ብር ነው።

ዕቁብ የጣልሽው 1,000 ብር ከሂሳብሽ ቢወጣም ወጪ አልልሽም። ዕጣሽ ሲደርስ ይመለሳል። እሱን ስናወጣ የጥር ወጪሽ 8,880 ነው።

ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከወኪሉ በጥሬው ያወጣሽው 2,000 ብር። ስልኩ መውጣቱን እንጂ ምን እንደተገዛበት አያውቅም። አሁን «ጥሬ ብር» ብዬ ለብቻው ትቼዋለሁ። የጥምቀት ሰሞን ስለሆነ ለበዓሉ ይመስለኛል፣ ግን በግምት አስቤዛ ውስጥ ልከተው አልፈለግሁም። የምታስታውሺውን ያህል ለእህቴ ንገሪያት፣ ትጻፍልኝ። የመድኃኒቱንም ደረሰኝ አትጣይው፤ በየወሩ እንዲህ ከሆነ እሱን ለብቻው እኔ እልክልሻለሁ።

ልጅሽ